የማዕዘን ፓነሏ ቀይ ክብ

ባለፈው ሳምንት የስትራክቸር ሰዎች በምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አደረግኩ። ሁለት ሦስት መልስ ባገኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሃያ ስድስት ደረሰ። መሀል ላይ ተኳርፈናል፣ ስለ ባሕር ዛፍ ዋጋም አውርተናል። ቁም ነገሩ እንዳይጠፋብኝ ከላይ ወደ ታች በራሴ ቃል ላስቀምጠው።

ጥያቄዬ

ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ቤተሰብ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ስትራክቸር እየሠራሁ ነው። ፕላኑን ለሚመረምር ቢሮ አስገባሁ፤ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ሉህ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በቀይ ብዕር ክብ ተሠርቷል። የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ ጥግ ላይ ነው። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አለ። ሌላ አንዲት ቃል የለም።

ፓነሉ፣ ማለትም በቢሞች መሀል የተያዘው የሶሌታ ክፍል፣ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። የቤቱ ጥግ ላይ ስለሆነ ሁለት ጎኑ ወደ ውጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሶሌታ የለም። የቀሩት ሁለቱ ወደ ጎረቤት ፓነሎች ይቀጥላሉ። በአራቱም ጎን ቢም አለ። ውፍረቱ 15 ሳንቲም፣ ኮንክሪቱ ሲ-25፣ ብረቱ ባለ 8፣ ኤስ-300።

የሶሌታው የራሱ ክብደት 3.75 ነው። ሊሾው፣ ታይሉ፣ ልስኑና ቀላል ግድግዳው ሲደመር 6.25 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ሆነ። የሰው ጭነት 2 ያዝኩ። በቀድሞው የኮንክሪት ኮድ፣ በኢቢሲኤስ-2፣ መሠረት የመጀመሪያውን በ1.3፣ ሁለተኛውን በ1.6 ሳባዛ ድምሩ 11.3 አካባቢ መጣ።

ኮኤፊሸንቱን ያነሳሁት ከኮዱ ሠንጠረዥ፣ ሁለት ተጎራባች ጎኖች ዲስኮንቲኒየስ፣ ማለትም የተቋረጡ፣ ከሆኑበት መስመር ነው። ረጅሙ ጎን ለአጭሩ ሲካፈል 1.25 ስለሚመጣ የ1.2ንና የ1.3ን አማካይ ወሰድኩ። በአጭሩ አቅጣጫ ድጋፉ ላይ 0.066፣ መሀሉ ላይ 0.049 ሆነ። በረጅሙ አቅጣጫ 0.045 እና 0.034 ነው። ከዚያ ሞመንቱን፣ ማለትም ሶሌታውን የሚያጎብጠውን ጉልበት፣ የምታወጣው የተለመደችው ቀመር፤ α ኮኤፊሸንቱ፣ gd ድምር ጭነቱ፣ Lx አጭሩ ጎን ነው፦

```
m = α × gd × Lx²
```

በአጭሩ አቅጣጫ ድጋፉ ላይ 12.0፣ መሀል 8.9 ኪሎ ኒውተን ሜትር በሜትር ወጣ። በረጅሙ ድጋፉ ላይ 8.2፣ መሀል 6.2። ወደ ውጭ ላሉት ጎኖች ሠንጠረዡ ምንም ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ እዚያ ከላይ ብረት አላስቀመጥኩም። በአራቱም ጎን ቢም ስላለ ጥጉ የትም አይሄድም፤ ቶርሽን የሚባለው የጥግ መጠምዘዝ እኔን አይመለከተኝም ብዬ አመንኩ። እንግዲህ ይህ ቀይ ክብ ምን ሊለኝ ነው?

መልሶቹ

1ኛው ከባሕር ዳር መጣ፤ አሥር ደቂቃ አልሞላውም። ሰላምታው ረጅም፣ መልሱ አጭር ነበር። ወንድሜ ብሎ ጀመረና የጎደለኝ የጥጉ ብረት እንደሆነ ነገረኝ። የተጠቀምኩበትን ሠንጠረዥ ርዕስ እንዳነብም መከረኝ። አነበብኩት። ቁጥሮቹ የተሰጡት ጥጉ ላይ ለቶርሽን ብረት እንደሚገባ ታስቦ እንደሆነ እዚያው ርዕሱ ላይ ተጽፏል። አምስት ዓመት ሙሉ ቁጥሮቹን ስገለብጥ ርዕሱን አንድ ቀን አላነበብኩትም።

2ኛው ወንድም ሳልሆን እህት መሆኔን ለባሕር ዳሩ አሳወቀው። የቢሮዬ ባልደረባ ነው። ሌላ የጻፈው ነገር የለም።

3ኛው በሙሉ ልብ ገባ። ችግሬ ጥጉ ሳይሆን ቀመሩ ነው አለ። እሱ እንደሚለው ለረጅሙ አቅጣጫ በአጭሩ ጎን ካሬ ማባዛት ስህተት ነው፤ ረጅሙ 5 ሜትር ከሆነ በ25 ነው መባዛት ያለበት። እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ይሠራል፣ ያቆመው ቤትም ወድቆ አያውቅም። አባባሉ ጆሮ ይገባል። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንደዚያው ነበር የማስበው።

4ኛው ጨዋ ሰው አልነበረም። ለ3ኛው ካልኩሌተር አውጣ ብሎ ነው የጀመረው። 0.045ን በ11.3 እና በ25 ስናባዛው 12.7 ይመጣል። አጭሩ አቅጣጫ ግን 12.0 ነው። እንግዲህ ረጅሙ አቅጣጫ ከአጭሩ የበለጠ ተሸከመ ማለት ነው። በአራት ጎን የተደገፈ ሶሌታ ጭነቱን በቅርብ ወዳለው ድጋፍ ነው የሚልከው፤ በአጭሩ መንገድ። የረጅሙ ሞመንት በልጦ ከተገኘ አንድ ቦታ ተሳስተሃል ማለት ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም አለ። የረጅሙ ርዝመት ተጽዕኖ ኮኤፊሸንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ለዚህ ነው ሁለቱም በአጭሩ ካሬ የሚባዙት። እዚህ ድረስ ትክክል ነው። የወረቀትህን ዋጋ ትምህርት ቤቱ ይመልስልህ ብሎ መጨረሱ ግን አያስፈልግም ነበር።

5ኛው ያው ሦስተኛው ነው፤ ተቀይሟል። ያለው ነገር ብረት ቢጨምር እንጂ እንደማይቀንስ፣ ስለዚህ ለደህንነት እንደሚያደላ ነው። ግማሽ እውነት አለው። እሱ ያልነካው ጣጣ ሳይት ላይ ነው ያለው። ብረት የሚያስረው ፌራዮ ስዕሉ ላይ ረጅሙ አቅጣጫ ወፍራም ብረት ይዞ ሲያይ ዋናው እሱ ነው ብሎ ታች ያነጥፈዋል፣ አጭሩን ከላዩ ያሳልፋል። በእኔ ሶሌታ ታችኛው ንብርብር ከላይ ሲለካ 13.1 ሳንቲም ጥልቀት አለው፣ የላይኛው 12.3። ብዙ የሚሸከመው አጭሩ ስለሆነ ጥልቁን ቦታ ማግኘት ያለበት እሱ ነው።

6ኛውን የጻፉት አንድ አዛውንት መሐንዲስ ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም። መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ረጅም ጻፉ፤ ክሩን የያዘውም የእሳቸው መልስ ነው።

አንድ ካርቶን ክዳን ውሰጂ አሉኝ፤ ጠፍጣፋውን። አራቱም ጠርዙ እንዲደገፍ ባዶ ሳጥን አፍ ላይ አስቀምጪውና መሀሉን በመዳፍሽ ተጫኚው። ጥጎቹ ብድግ ይላሉ። አሁን አንዱን ጥግ በሌላው እጅሽ ይዘሽ ድገሚው። ጥጉ መነሳት ፈልጎ አልቻለም፤ እዚያች ቦታ ላይ ካርቶኑ ይጠመዘዛል። ከላይ በኩል ከጥጉ ወደ መሀል በሚሄደው አቅጣጫ ይለጠጣል። ከታች በኩል ደግሞ ያንን በሚያቋርጠው አቅጣጫ። ስለዚህ ሶሌታ ሲሰነጠቅ ከላይ ያለው ስንጥቅ ጥጉን እንደ ዳቦ ቁራሽ ቆርጦ ያልፋል። ከታች ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ግን ከመሀል ተነስቶ በቀጥታ ወደ ጥጉ ይሮጣል።

ካርቶኑን ሞከርኩት። የታሸገ ውሃ የመጣበት ካርቶን ነበር። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ፓነል ዞሩ። አራት ጥግ አለው፤ አራቱም ግን አንድ አይደሉም። ሁለት ዲስኮንቲኒየስ ጎን የሚገናኙበት ጥግ ሙሉ የቶርሽን ብረት ይፈልጋል። በእያንዳንዱ ንብርብር መሀል ሜዳው ላይ ከሚፈለገው ትልቁ የብረት ስፋት ሦስት አራተኛው ይገባል፤ ከላይ በሁለት አቅጣጫ፣ ከታችም በሁለት አቅጣጫ። ከጠርዙ የሚዘልቀው የአጭሩን ጎን አንድ አምስተኛ ነው፤ ለእኔ 80 ሳንቲም። አንድ ጎኑ ተቋርጦ አንዱ የሚቀጥልበት ጥግ የዚህን ግማሽ ይወስዳል፤ እንደዚህ ያለ ሁለት አለኝ። ሁለቱም የሚቀጥሉበት፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ያለው አራተኛው ጥግ ምንም አይፈልግም። ቀዩ ክብ ያረፈው በትክክል መጀመሪያው ላይ ነው።

7ኛው እኔን ደግፎ መጣ። ደጋፊ ማግኘት ደስ ይላል፣ የተሳሳተም ቢሆን። ቢምና ኮለን ከሶሌታው ጋር አብሮ ስለሚሞላ ጥጉ አይነሳም፤ ካልተነሳ ደግሞ የሚፈራ ነገር የለም አለ። ከ1ኛው ጋር እንደማይስማማም ጨመረ።

8ኛው የጋሼ መልስ ነበር፤ አራት መስመር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጥጉ የሚጠመዘዘው ስለተያዘ ነው። ባይያዝ ኖሮ ብድግ ይልና ያርፈዋል፤ ያን ጊዜ ግን መሀሉ ብዙ ይሸከማል፣ ሠንጠረዡም ሌላ ነው። የተያዘውን ሠንጠረዥ ትንሽ ቁጥር ወስዶ የጥጉን ብረት መተው ግማሹን ዕዳ ብቻ ከፍሎ እንደመሄድ ነው አሉ። ይህችን ሳነብ ፕላኑ ለምን እንደተመለሰ ገባኝ።

9ኛው ከደጀን ነው። ጥያቄዬን አላነበበውም፣ ወይም ርዕሱን ብቻ ነው ያነበበው። ግቢው ውስጥ 3 ሜትር በ3.60 የሆነች ማዕድ ቤት በድንጋይ ግድግዳ ሠርቷል። ጣሪያዋን ሶሌታ ሊያደርግ ነው። ቢም የላትም፤ ሶሌታው ግድግዳው ላይ ይቀመጣል፣ ከላይም የሚጫነው የለም። የማዕዘን ብረት ያስፈልጋታል ወይ ነው የሚለው። እኔ ዝም አልኩ። 10ኛው ግን፣ ያ ቁጡው 4ኛ፣ ሳይጠበቅ በትዕግስት መለሰለት። የእሱ ጥግ ስላልተያዘ ከነጭራሹ ሌላ ሠንጠረዥ ነው የሚያየው አለው። ለ1.2 ጥምርታ አጭሩ አቅጣጫ 0.084፣ ረጅሙ 0.059። ጥጎቹ ቢያዙ አጭሩ 0.074 ይሆን ነበር። ልዩነቱ ጥጉን የመያዝ ዋጋ ነው። የደጀኑ ሰው አመስግኖ ስለ ድንጋይ አወጋን፤ 11ኛው መልስ እንደዚህ አለፈ።

12ኛው ከቡሬ የመጣ ፎርማን ነው። ቀመር አያውቅም፣ እንደማያውቅም አልደበቀም። ያየውን ግን እንደ እሱ የሚናገር የለም። አንድ ቤት የጣሪያ ሶሌታ ክረምት ላይ ያፈስ ነበር። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ውሃ መከላከያ አስቀባ። አልቆመም። ፎርማኑ ሲወጣ ስንጥቁ ከጥጉ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ጥጉን በሰያፍ ቆርጦ አየው። ጋሼ እንዳሉት የዳቦ ቁራሽ። በመሮ ፈለፈለው። የጥጉ ብረት አለ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። ነገር ግን ከላይ ሁለት ሳንቲም ላይ መሆን ሲገባው ሰባት ሳንቲም ወርዶ ተኝቷል። ኮንክሪት የሚያመላልሱት ልጆች ረግጠው አስተኝተውታል።

ከታች ሲለካ 13 ሳንቲም የነበረው ጥልቀት 8 ቀርቷል ማለት ነው። ከአቅሙ ሁለት አምስተኛ ገደማ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ቤቱ ይሰነጠቃል። ፎርማኑ አሁን ከሥሩ በየ60 ሳንቲሙ የብረት እግር ያስራል። መረማመጃ ጣውላም ሳያነጥፍ ኮንክሪት አያስጀምርም። ስለ ሰንጠረዥ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህችን ነው ደብተሬ ላይ የጻፍኳት።

13ኛው ስንጥቅ ሁሉ የቶርሽን አይደለም ብሎ አስተካከለ። ሲደርቅ የሚመጣው ስንጥቅ መስመሩ ተራ አይይዝም፣ ወይም ብረቱን ተከትሎ ይሄዳል። ከጥግ ርቆ መሀል ሜዳ ላይም ይታያል። ጥጉን አቋርጦ፣ ለዚያውም በሁለት ጎረቤት ፓነል ጥጎች ላይ ሳይሆን ውጭ ጥግ ላይ ብቻ ከተገኘ ነው ይህንን የምንጠረጥረው።

14ኛው የውሃ ታንከር አነሳ። ዳንግላ ላይ ጣሪያው ጥግ ላይ 2,000 ሊትር ታንከር ሊያስቀምጥ ነው፤ ለጎረቤት መታየቱን አይወደውም። ርዕስ መቀየሩ ነው ብዬ ነበር። 15ኛው ግን አያያዘው፦ ሁለት ቶን ውሃ ከአንድ ካሬ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ቦታ ላይ ያርፋል። የእኛ የሰው ጭነት በካሬ ሜትር ሁለት መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ይህ የኮኤፊሸንት ዘዴ ደግሞ በመላው ፓነል ላይ እኩል ለተነጠፈ ጭነት ብቻ ነው የተሠራው። ታንከሩን ቢም ላይ አሳርፈው፣ ወይም ፓነሉን በሌላ ዘዴ አስላው ብሎ ዘጋው።

16ኛውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቃቸው ፈለግኩ። ባለ 5 ሜትሩ ድጋፍ ማዶ ያለው ጎረቤት ፓነል ጠባብ ነው፤ 3 ሜትር በ5። አንድ አጭር ጎኑ ብቻ ነው የተቋረጠው። ለእሱ በዚያው ድጋፍ ላይ የሚወጣው ሞመንት 6.3 ነው። ከእኔ በኩል 12.0። አንድ ቢም ላይ ሁለት ቁጥር! የትኛውን ልያዝ?

17ኛው፣ ከባሕር ዳሩ፣ ትልቁን ያዢና ተገላገዪ አለ። እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል። ብረት ይጨምራል፣ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

18ኛው ጋሼ። ኢቢሲኤስ-2 መንገዱን አስቀምጧል አሉ። ልዩነቱ ከትልቁ ሞመንት 20 በመቶ በታች ከሆነ አማካዩ ይወሰዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፉ እንደ ግትርነታቸው ለሁለቱ ይከፋፈላል። የእኔ ልዩነት 5.7 ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ባለ 4 ሜትሩ ለስላሳ ነው፣ ባለ 3 ሜትሩ ግትር። ሲካፈል ከእኔ በኩል 2.4 ይቀንሳል፣ ከጎረቤት 3.3 ይጨምራል። ሁለቱም 9.6 ላይ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው ብለው አሰመሩበት። ድጋፉ ላይ የቀነስሽው 2.4 አይተንም፤ ወደ መሀል ሜዳው ይመለሳል። መጽሐፉ ለዚህም ሠንጠረዥ አለው። እሳቸው ግን ሲቸኩሉ ግማሹን መሀል ላይ ይደምራሉ፤ ለደህንነት ያደላል። የእኔ 8.9 በዚህ 10.1 ሆነ። መሀሉ ሲያድግ የጥጉ ብረትም አብሮ ያድጋል፤ የሚለካው ከመሀሉ ነዋ።

19ኛው ላይ ባሕር ዳሩ አልተረታም። እኔ ድጋፉን በ12 ካጠናከርኩት መሀሉ 8.9 ላይ ይቆያል፤ ብረቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው ሥራውን የሚወስደው ብሎ ተከራከረ። 20ኛው ላይ ጋሼ አልካዱም፤ ግን ጠባቡ ፓነል ውስጥ የሚገባው የላይ ብረት በራሱ በ3 ሜትር ተለክቶ ከተቆረጠ ያ ክርክር አይሠራም አሉ። በትልቁ፣ በ4 ሜትሩ ተለክቶ ነው መዝለቅ ያለበት፤ ያለበለዚያ ጠባቡ ፓነል ጀርባው ላይ ብረት አልቆበት ይሰነጠቃል። ሁለቱም በአቋማቸው ጸኑ። እኔ የጋሼን ስሌት፣ የብረቱን ርዝመት ግን በትልቁ ስፓን አደረግኩ። ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም።

21ኛው መድረኩን በጠበጠው። ወጣት ነው መሰለኝ። ኢቢሲኤስ-2 የ1995 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢኤስ ኢኤን 1992 የተባለ አዲስ ኮድ አለን፤ እዚያ ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ የለም፤ እናንተ ሙት እያነሳችሁ ነው አለ። ወገኛው አነጋገሩ ቢቀር ነጥቡ እውነት ነው፤ አዲሱ ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ የለም። 22ኛው፣ ቁጡው፣ ተነሳበት፤ የጻፈውን ግማሽ አልደግመውም። ስድቡን አጣርቼ ያገኘሁት ግን ጠቃሚ ነው። በአዲሱ አባዢዎች፣ በ1.35 እና በ1.5፣ የእኔ ጭነት 11.4 ይመጣል። በድሮው 11.3 ነበር። ለመኖሪያ ቤት የሚያጣላ ልዩነት አይደለም። ወደ ውጭ ያለው ጎን ላይ ደግሞ አዲሱ የበለጠ ግልጽ ነው፦ በስሌት ዜሮ የተባለ ጠርዝም በተግባር ትንሽ ስለሚያዝ፣ ከመሀሉ ሞመንት ቢያንስ 15 በመቶውን የሚችል የላይ ብረት የስፓኑን አንድ አምስተኛ ያህል እንዲገባ ይጠይቃል። በሠንጠረዡ ቁጥር የለም ማለት ብረት የለም ማለት አይደለም። ይህ የእኔ ሁለተኛ ስህተት ነበር፤ ከ21ኛው ጠብ ውስጥ ነው ያገኘሁት።

23ኛው ይህን ሁሉ ትታችሁ ሪብድ ስላብ ብትሠሩ ይቀላል አለ። 24ኛው ደግሞ ሞጣ አካባቢ የመደገፊያ ባሕር ዛፍ ስንት እንደገባ ጠየቀ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዛፍ ዞረ፤ ጎጃም ውስጥ ስለ ባሕር ዛፍ አስተያየት የሌለው ሰው የለም።

25ኛው የእኔ ነው፤ ያስተካከልኩትን አሳወቅኩ። መሀል ላይ በአጭሩ አቅጣጫ ለ10.1 የሚያስፈልገው 311 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 8 በየ16 ሳንቲም። በረጅሙ አቅጣጫ ዝቅተኛው መጠን ስለሚገዛ በየ24። ለጥጉ የ311 ሦስት አራተኛ 233 ነው፤ ባለ 8 በየ21 ሳንቲም። ታች ላይ በአጭሩ አቅጣጫ ያለው ብረት ሳይቆረጥ ጠርዝ ድረስ ከዘለቀ ይበቃል። በረጅሙ በየ24 የነበረው ግን አይበቃም፤ ጥጉ ላይ ወደ 21 አጠጋጋሁት። ከላይ አዲስ የገባው በእያንዳንዱ አቅጣጫ አምስት ብረት ነው። ከነመታጠፊያው አንድ አንድ ሜትር ቢሆን አሥር ሜትር፣ አራት ኪሎ ገደማ። ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቅነው ለአራት ኪሎ ብረት ነው።

26ኛው ከእንጅባራ ነው፣ የመጨረሻውም። ባለፈው ማክሰኞ ያለ ጥግ ብረት ሶሌታ ሞልቷል፤ አሁን ይህን ክር አነበበ። ምን ላድርግ ይላል። እስካሁን የመለሰለት የለም። እኔ የጣሪያ ወይስ የወለል ብዬ ልጠይቀው ጽፌ አጠፋሁት፤ ቀጥዬ የምነግረው ስላልነበረኝ።

ፕላኑ ሐሙስ ጸደቀልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሳይት ወጣሁ። ብርድ ነበር፤ ብረቱ ላይ ጤዛ ተኝቷል። ውጭ ጥጉ ጋ ተንበርክኬ የላዩን ቆጠርኩ። በአንዱ አቅጣጫ አምስት፣ በሌላው አራት። ፌራዮውን ጠራሁት። አምስተኛው ብረት የት ሄደ ስለው ወደ ታች ጠቆመኝ፦ እሳት ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ተሸክሞ ቆሟል።